ጭሱን የሚያነድዱ ምድጃዎች፦ ሮኬትና ጋሲፋየር እንዴት ይሠራሉ?

ከሦስት ጉልቻ ላይ የሚወጣው ጭስ ያልነደደ ማገዶ ነው። ገንዘብ አውጥታችሁ የገዛችሁት ወይም ተሸክማችሁ ያመጣችሁት እንጨት ሳይሠራ በጣሪያው ይወጣል፤ መንገድ ላይ ደግሞ ዓይናችሁንና ሳንባችሁን ያቃጥላል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጭስ ድስቱ ሥር ስለሚያነድዱ ሁለት ዓይነት ምድጃዎች ነው። አንደኛው ሮኬት ምድጃ ይባላል፤ እሱን ከቆርቆሮና ከአመድ እንዴት እንደምትሠሩት በዝርዝር እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ጋሲፋየር ነው፤ ሦስት ጣሳ ካላችሁ እሱንም ትሞክሩታላችሁ።

መጀመሪያ ግን እንጨት እንዴት እንደሚነድ እንይ፣ ምክንያቱም የምንቆርጠው መጠን ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

እንጨት እሳት ሲያገኘው በመጀመሪያ ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል። ከዚያ ሙቀቱ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ እንጨቱ መፈራረስ ይጀምርና ጋዝ ይለቃል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚወጣው በዚህ ጋዝ መልክ ነው። የሚቀረው ከሰል ነው። የምናየው ነበልባል እንግዲህ ከእንጨቱ የወጣው ጋዝ ሲነድ ነው። ጋዙ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ከ600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከአየር ጋር በደንብ መቀላቀል አለበት፤ ቀዝቃዛ ነገር ከመንካቱ በፊትም ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ጉልቻ ላይ እነዚህ ሦስቱ አብረው አይገኙም። ቀዝቃዛ አየር ከየአቅጣጫው ይገባል፣ ነበልባሉ ገና ነድዶ ሳይጨርስ የድስቱን ቂጥ ይነካና ይቀዘቅዛል። ያኔ ያልነደደው ጋዝ ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ ከፊሉ ደግሞ ጥቀርሻ ሆኖ ድስቱ ላይ ይለጠፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጉልቻ እንጨት የሚያባክነው በጭሱ ብቻ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ጉልቻ ላይም ቢሆን አብዛኛው እንጨት ይነዳል፤ ትልቁ ኪሳራ የነደደው ሙቀት ድስቱን ሳያገኝ በጎን ማለፉ ነው። ጭሱ ጤናችንን ይጎዳል፣ ማገዶውን በብዛት የሚበላው ግን በድስቱ ጎንና ጎን የሚያመልጠው ትኩስ አየር ነው። ስለዚህ ጥሩ ምድጃ ሁለት ሥራ አለበት፤ ጋዙን አንድዶ መጨረስ፣ ከዚያ ሙቀቱን ድስቱ ላይ ማሻሸት። የመጀመሪያውን ብቻ የሚሠራ ምድጃ ጭስ ይቀንስላችኋል እንጂ እንጨት ብዙም አይቆጥብላችሁም።

በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ ላይ 5 ሊትር ውሃ ልታፈሉ ነው እንበል። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ውሃው የሚፈልገው ወደ 1,500 ኪሎጁል ነው። አንድ ኪሎ በአየር የደረቀ እንጨት 16,000 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ምንም ሙቀት ባይባክን ኖሮ 95 ግራም እንጨት፣ ማለትም አንድ እፍኝ ጭራሮ፣ ይበቃ ነበር። ሦስት ጉልቻ ከእንጨቱ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚያስገባው ከመቶ 10 እስከ 15 ነው። ስለዚህ ለዚያው ውሃ ከ650 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ይበላል። በደንብ የተሠራ ሮኬት ምድጃ፣ በድስቱ ዙሪያ የሚቆም የላሜራ መከለያ ካለው፣ ከመቶ 25 እስከ 30 ያስገባል፤ ከ300 እስከ 400 ግራም ይበቃዋል ማለት ነው። ከግማሽ በላይ ማገዶ ተረፈ።

ሮኬት ምድጃ

ይህን ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቀየሰው ላሪ ዊኒያርስኪ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ኦሪገን ግዛት ካለው አፕሮቬቾ የምርምር ማዕከል ጋር ይሠራ ነበር። እኛ አገርም ትክክል በሚል ስም የሚሸጠው ምድጃ የዚሁ የሮኬት ዘር ነው፤ ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ላሜራ።

ቅርጹ ቀላል ነው። አንድ አግድም ቱቦ እንጨት ያስገባል፣ ከእሱ ጋር የተገናኘ አንድ ቁም ቱቦ እሳቱን ወደ ላይ ይስባል። ክርኑ ላይ እሳቱ ይነድዳል። ቁም ቱቦው አጭር ጭስ ማውጫ ነው፣ ግን ድስቱ ከላዩ ስለሚቀመጥ ጭሱ ድስቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ውስጡ ነድዶ ያልቃል። በቱቦው ዙሪያ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ይሞላል፣ የውስጡ ግድግዳ ቶሎ እንዲግል።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ (ጎኑ 23 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 35 ሳ.ሜ. ገደማ)። ስፋታቸው 12 ሳ.ሜ. አካባቢ የሆነ ሁለት የዱቄት ወተት ትልልቅ ጣሳዎች፣ ለቁሙ። ከዚያ ትንሽ ጠበብ ያለ፣ 10 ሳ.ሜ. ገደማ ስፋት ያለው አንድ ጣሳ፣ ለማገዶ ማስገቢያው። የተነፋ ደረቅ አመድ። የቆርቆሮ መቀስ፣ ሚስማርና መዶሻ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ጥቂት ቁራጭ ፌሮ፣ ለመከለያው ደግሞ አንድ ቁራጭ ላሜራ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እሳት በሚነካው ቦታ አትጠቀሙ። ላዩ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ይመርዛል።

1. የዘይት ቆርቆሮውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። የላይኛውን ክዳን ቁረጡና አስቀምጡት፣ መሐሉ ላይ 12 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አውጡለት። ከፊት ለፊቱ ጎን፣ ከታች 5 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ የማገዶ ማስገቢያው ጣሳ የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ ቁረጡ። ጫፉ እጅ ይቆርጣል፣ በፒንሳ አጥፉት።

2. ከሁለቱ ወተት ጣሳዎች አንዱን ቂጡን ሳትነኩ አስቀሩት፣ እሱ የታችኛው ነው። ሌላውን ከሁለቱም በኩል ክፈቱት። የላይኛውን ጣሳ የታች ጠርዝ በመቀስ በየሁለት ሳንቲሜትሩ ሰንጥቁና ወደ ውስጥ ጎንበስ አድርጋችሁ የታችኛው ውስጥ ክተቱት። ሁለቱ አንድ ላይ 30 ሳ.ሜ. ያህል ቁመት ያለው ቱቦ ይሆናሉ። ቁመቱ ከስፋቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል መሆኑን ልብ በሉ። ካጠረ እሳቱ አይስብም፣ ከረዘመ ደግሞ ሙቀቱ ድስቱ ጋ ሳይደርስ ይቀንሳል።

3. በታችኛው ጣሳ ጎን ላይ፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ፣ የማገዶ ማስገቢያው የሚገባበትን ቀዳዳ ቁረጡ። ማስገቢያው ጣሳ ከሁለቱም በኩል ክፍት ይሁን።

4. ቆርቆሮው ውስጥ ከታች 4 ሳ.ሜ. ያህል አመድ ሙሉ። ቁሙን ቱቦ መሐል ላይ አቁሙት። ማስገቢያውን ከውጭ አሳልፋችሁ ቁሙ ቱቦ ውስጥ ክተቱት፤ ጠርዙ ከቱቦው ግድግዳ ጋር እኩል ይሁን፣ ወደ ውስጥ ገብቶ መንገዱን እንዳይዘጋ። ከውጭ በኩል የተረፈው 10 ሳ.ሜ. ያህል ጉሮሮ እንጨቱን ይደግፍላችኋል።

5. አሁን ዙሪያውን አመድ ሙሉ። አመዱ ደረቅና የተነፋ ይሁን፤ የከሰል ፍርፋሪ ካለበት ውስጡ እየነደደ ይቀንሳል። አትጠቅጥቁት። ሙቀት የሚከለክለው በአመዱ መሐል ያለው አየር ነው። ሞልታችሁ ቆርቆሮውን ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ሲሰምጥ ጨምሩበት። ከዚያ ቀዳዳ ያለውን ክዳን መልሱና በሽቦ እሰሩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ብዙ ሰው አመዱን ትቶ ጭቃ ወይም ድንጋይ ይሞላል። ወፍራምና ከባድ ግድግዳ ሙቀት የሚይዝ ስለሚመስል ነው። በእርግጥም ይይዛል፣ ችግሩም እሱ ነው። ጭቃው ሙቀቱን ከእሳቱ ይጠጣዋል። ድስታችሁ ገና ሳይሞቅ ግድግዳው ይሞቃል፣ ምግቡ በስሎ ሰው ሲበላም ግድግዳው ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ያ ሁሉ ሙቀት የተከፈለበት እንጨት ነው። ከዚያ በላይ ግን ቱቦው ውስጥ 600 ዲግሪ ሳይደርስ ረጅም ደቂቃ ስለሚያልፍ ያን ሁሉ ጊዜ ይጨሳል። የምትፈልጉት ቀላልና ብዙ አየር ያለበት ነገር ነው። አመድ ከሌላችሁ ብሎኬት የሚሠራበት ፐሚስ የተባለው ቀላል ጠጠር ይሆናል።

6. መደርደሪያ ሥሩለት። የማገዶ ማስገቢያው ውስጥ፣ ከታች አንድ ሦስተኛው ከፍ ብሎ፣ ጠፍጣፋ ላሜራ አግድም አስገቡ። እንጨቱ ከላዩ ይተኛል፣ አየር ከሥሩ ይገባል። ላሜራው ክርኑ ጋ ሲደርስ ያብቃ፤ የእንጨቱ ጫፍ ብቻ ከእሱ አልፎ አየር ላይ ይንጠልጠል። ይህች ትንሽ ቁራጭ የምድጃው ሳንባ ናት። ያለ እሷ እንጨቱ መሬት ላይ ይተኛና የአየሩን መንገድ ይዘጋል፣ ፍሙም አየር ያጣል። ከሥሯ የሚገባው አየር ፍሙ ሥር ሲያልፍ ይሞቃል፣ ነበልባሉን ሲያገኘው አያቀዘቅዘውም።

7. የድስት ማስቀመጫ። ከፌሮ የተበየደ ሦስት ማዕዘን ወይም መስቀል አሠሩና የቆርቆሮው ጠርዞች ላይ አሳርፉት፤ ክዳኑ ቀጭን ስለሆነ ክብደት አይችልም። ድስቱ ከቱቦው አፍ 2.5 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ እሳቱ ይታፈንና በማገዶው በኩል ወደ እናንተ ይወጣል። ገንፎ የምታገነፉበት ከሆነ ማስቀመጫው ሰፊና ጠንካራ ይሁን፣ ቆርቆሮውንም ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ቅበሩት ወይም በድንጋይ አስደግፉት፤ ሲማሰል ይገለበጣል።

8. መከለያው። እንጨቱን የሚያተርፍላችሁ ይህ ነው። በድስቱ ዙሪያ የሚቆም የላሜራ ቀለበት ሲሆን፣ ትኩሱ አየር በድስቱ ቂጥ ካለፈ በኋላ በጎኑ እየተሻሸ እንዲወጣ ያስገድደዋል። በድስቱና በመከለያው መሐል ያለው ክፍተት 1.4 ሳ.ሜ. ገደማ ይሁን። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? የ12 ሳ.ሜ. ቱቦ አፍ ስፋቱ 113 ካሬ ሳ.ሜ. ነው። የ26 ሳ.ሜ. ድስት ዙሪያው 82 ሳ.ሜ. ነው። 113 ለ82 ሲካፈል 1.4 ይመጣል። አየሩ በቱቦው ውስጥ ያገኘውን መንገድ ያህል በድስቱ ዙሪያም ያገኛል፤ አይታፈንም፣ አይበተንም። ላሜራው ለዚህ ድስት 94 ሳ.ሜ. ርዝመት ይኑረው፣ የሚደራረበውን ጨምሮ። ቁመቱ የድስቱ እጀታ ሥር ይድረስ። ድስታችሁ ሌላ መጠን ከሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። መሣሪያ ከሌላችሁም አመልካች ጣታችሁን ዙሪያውን ክተቱ፤ በጠባቡ ከገባ ደህና ነው፣ ሁለት ጣት ካስገባ ሰፍቷል።

የጣሳው ቱቦ ለዘለዓለም አይደለም። ሙቀቱ ቀጭን ብረት ስለሚበላ በየቀኑ ከተሠራበት በወራት ውስጥ ይበሳሳል። ስለዚህ ጣሳውን ለመልመጃ አድርጉት። ልኩ ከተመቻችሁ ለሸክላ ሠሪ ወስዳችሁ ያንኑ ክርን በሸክላ አሠሩት፤ የውስጡ ስፋት 12 ሳ.ሜ.፣ ግድግዳው 2 ሳ.ሜ.። ጭቃው ላይ የተነፋ ሰጋቱራ ይቀላቀልበት፤ ሲተኮስ ሰጋቱራው ነድዶ ይጠፋና ቦታው ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ይቀራል፣ ሸክላው ቀላልና ሙቀት የማይጠጣ ይሆናል።

እሳቱን መያዝ

ምድጃው ጥሩ ቢሆንም አያያዙ ካልታወቀ ከጉልቻ አይሻልም። እንጨቱ እንደ አውራ ጣት ውፍረት ተፈልጦ፣ ደረቅ ይሁን። እርጥብ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ውሃ ለማትነን የሚጠፋው ሙቀት ድስቱ የሚገባው ነበር። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ካወጡ ደርቀዋል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሆነ ገና ናቸው። ባሕር ዛፍ ተፈልጦ ጣሪያ ሥር ነፋስ እየመታው ከአንድ ወቅት በላይ ቢቆይ ጥሩ ነው።

ስትለኩሱ ጭራሮውን ክርኑ ውስጥ ክተቱና በማስገቢያው በኩል ለኩሱት። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ይጨሳል፤ ቱቦው ገና ስላልጋለ ነው። ከዚያ ጭሱ ይጠፋል፣ ድስቱን ለአፍታ አንስታችሁ ብታዩ ነበልባሉ ቱቦው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይታያል። አሁን ሦስት ወይም አራት ፍልጥ፣ በመሐላቸው ትንሽ ክፍተት ትታችሁ አስገቡ። የሚነደው ጫፉ ብቻ ነው። ጫፉ እያለቀ ሲሄድ ትገፉታላችሁ። እሳት ለመጨመር ገፋ ማድረግ ነው፣ ለመቀነስ ወደ ኋላ ሳብ። ሙሉ እንጨቱን አንዴ ከወረወራችሁት ግን ርዝመቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጋዝ ይለቃል፣ የሚገባው አየር ያንን ሁሉ ማንደድ አይችልም፣ ይጨሳል።

ወጡ ከፈላ በኋላ ብዙ ሰው እሳቱን እንዳለ ይተወዋል። ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ፍልጥ ብቻ አስቀሩ። የሚፈላ ወጥ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚፈልገው በጣም ትንሽ ነው፤ ሲንተከተክ የሚውል ወጥ ውሃ ከማትነን በስተቀር ቶሎ አይበስልም።

ምልክቶቹን ማንበብ ልመዱ። ነበልባል በማገዶው አፍ በኩል ከወጣ መንገዱ ታፍኗል፤ ወይ እንጨት በዝቷል፣ ወይ ድስቱ ዝቅ ብሏል፣ ወይ መከለያው ጠቧል። በዚህ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ሞክሩ። ክርኑ ውስጥ ፍም ተከምሮ ከሞላ መደርደሪያው ሥር አየር አልገባም ወይም እንጨቱን ቶሎ ቶሎ ገፍታችኋል። ድስቱ ቂጥ ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ካለ እንጨቱ እርጥብ ነው። ደረቅ፣ በጣት የሚነሳ ስስ ጥላሸት ግን ያለ ነው፣ አያስጨንቅም። የቆርቆሮው ውጪ እጅ የማያስነካ ከሆነ አመዱ ሰምጧል፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ሙሉት።

አንድ ገደብ አለው፤ ለእንጀራ አይሆንም። እሳቱ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የምጣዱ መሐል ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ለምጣድ የተሠራው ምርጥ የሚባለው ምድጃ ነው፣ እሱ እሳቱን በምጣዱ ሥር ይዘረጋል።

ጋሲፋየር

ሮኬት ጋዙን የሚያነድደው እንጨቱ አጠገብ ነው። ጋሲፋየር ደግሞ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ታች እንጨቱን ጋዝ ያደርገዋል፣ ላይ ጋዙን ያነድደዋል። ለቤት የሚሆነውን፣ ከላይ የሚለኮሰውን ዓይነት አሜሪካዊው ቶም ሪድ እና ኡጋንዳ ውስጥ የሠራው ኖርዌያዊ ፖል ዌንደልቦ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ደርሰውበታል።

አሠራሩ ሲታይ ግራ ያጋባል፤ ማገዶው ይሞላና የሚለኮሰው ከላይ ነው። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ እንጨቱን ለማንደድ አይበቃም፣ ጋዝ ለማድረግ ብቻ ይበቃል። ጋዙ ከላይ ባለው ትኩስ ከሰል መሐል አልፎ ይወጣና ጣሳው አፍ አጠገብ ካሉ ቀዳዳዎች ከሚገባ የሞቀ አየር ጋር ይገናኛል፤ እዚያ ይነድዳል። ጥሩ ሲሆን ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የእሳት ምላስ ወደ መሐል ሲወረወር ታያላችሁ፣ ልክ ከጋዝ ምድጃ እንደሚወጣው። የሚነደው ቀዳዳው አጠገብ ነው እንጂ እንጨቱ ላይ ነበልባል የለም።

ለመሥራት 12 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጣሳ ለውስጥ፣ ከእሱ ዙሪያውን 1.5 ወይም 2 ሳ.ሜ. የሚሰፋና ቁመቱም ጥቂት የሚበልጥ ጣሳ ለውጭ ያዙ። የውስጠኛው ቂጥ ላይ 6 ሚ.ሜ. የሆኑ 20 ቀዳዳዎች ብሱ። ከአፉ 2 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ደግሞ 1 ሳ.ሜ. የሆኑ 20 ቀዳዳዎች ብሱ። የላዩ ቀዳዳ በድምሩ ከታችኛው ሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ጋዙን ለማንደድ የሚያስፈልገው አየር ጋዙን ለማውጣት ከሚያስፈልገው በጣም ስለሚበልጥ ነው። የውጭኛው ጣሳ ከታች ጎኑ ላይ ዙሪያውን ሰፋፊ ቀዳዳዎች ይኑሩት። የውስጠኛውን በሦስት ብሎን 2 ሳ.ሜ. ያህል ከወለሉ ከፍ አድርጉት። በሁለቱ ጣሳዎች መሐል ያለውን ክፍተት ከላይ በኩል በላሜራ ቀለበት ድፈኑት፤ ካልተደፈነ አየሩ በቀዳዳዎቹ መግባቱን ትቶ በዚያ ያመልጣል። ከላይ መሐሉ 7 ሳ.ሜ. የተከፈተ ክብ ላሜራ አድርጉበት፣ በላዩ ደግሞ ሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ 15 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ጣሳ፣ እንዲስብ። ድስቱ ከዚያ በላይ፣ መከለያውም እንደ ሮኬቱ።

ማገዶው በጣት አንጓ ልክ የተቆራረጠ ደረቅ እንጨት ወይም የተሰባበረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይሁን። ሰጋቱራና የቡና ገለፈት ዝም ብሎ ቢሞላ አየር አያሳልፍም፤ ታምቆ የተቆራረጠ ከሆነ ግን ግሩም ማገዶ ነው። ከላይኛው ቀዳዳዎች ሥር 2 ሳ.ሜ. ሲቀር አቁሙ። ላዩ ላይ ስስ ጭራሮ አንጥፉና እሳቱ ዙሪያውን እኩል እስኪይዝ ለኩሱ። ጭራሮው ሲይዝ የላዩን ክብ ላሜራና ጣሳውን ጫኑ። ይህን ያህል ጣሳ ወደ 350 ግራም እንጨት ይይዛል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማም ይነዳል።

መሐል ላይ እንጨት አትጨምሩ። ትኩስ ከሰል ላይ የወደቀ እንጨት ባንድ ጊዜ ጋዝ ይለቃል፣ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። እሳቱ ከላይ ድንገት ከጠፋም ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል። ያ ጭስ የሚነድ ጋዝ ነው፤ ፊታችሁን አርቃችሁ በረጅም ጭራሮ ከላይ ለኩሱት፣ ባንድ ጊዜ ይይዛል። ደጋግሞ የሚጠፋ ከሆነ ነፋስ እየመታው ነው ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው። ቢጫው ነበልባል ከቀዳዳዎቹ በላይ ዘልሎ ጥቁር ጭስ ካወጣ ደግሞ ከታች የሚገባው አየር በዝቷል፤ ከታችኛው ቀዳዳ ጥቂቱን በጭቃ ድፈኑ።

ቢጫው ነበልባል ሲያልቅና አጭር ሰማያዊ ሲተካው ጋዙ ማለቁን እወቁ። ከዚህ በኋላ የሚነደው ከሰሉ ነው፣ ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለውን መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ይለቃል። በዚያች ደቂቃ ምድጃውን ወደ ደጅ አውጡና ከሰሉን ክዳን ባለው ብረት ጣሳ ውስጥ ገልብጣችሁ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል። ከ350 ግራም እንጨት 70 ወይም 80 ግራም ከሰል ይተርፋል፣ ለቡና ይሆናል። ለሮኬቱም ሆነ ለጋሲፋየሩ ግን መስኮትና በር ክፍት ይሁን፤ ጭሱ አልታየም ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

የትኛውን ልሥራ ለምትሉ፦ እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ረጅም ሰዓት የምታበስሉ ከሆነ ሮኬት ይሻላል፣ እንጨቱም እንዳለ በረጅሙ ይገባል። ሩዝ፣ ሻይ፣ እንቁላል፣ ባጠቃላይ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ከሆነና እንጨት ለመቆራረጥ ትዕግሥት ካላችሁ ጋሲፋየር ጭሱ ያንሳል፣ ከሰልም ይተርፋችኋል።

የሠራችሁት መሥራቱን ለማወቅ ሚዛን ተዋሱ። ከአንድ ክምር ላይ ሦስት እኩል እስር እንጨት መዝኑ። በአንድ ድስት፣ በ5 ሊትር ውሃ፣ ክዳን ሳትገጥሙ መጀመሪያ በጉልቻ አፍሉ፤ ሲፈላ እሳቱን አጥፍታችሁ የተረፈውን እንጨት መዝኑ። ድስቱ ሲቀዘቅዝ በአዲስ ውሃ በምድጃው ድገሙት። ያለ መከለያ አንድ ጊዜ፣ በመከለያ አንድ ጊዜ ሞክሩና በሁለቱ መሐል ያለውን ልዩነት እዩት። ለጋሲፋየር ስትመዝኑ የተረፈውን ከሰል ለብቻው መዝኑና መዝግቡት፣ እንደ ነደደ እንጨት አትቁጠሩት።